ባዶውን ሳጥን አትፍሩት



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ምልክት ነው። በኮምፒውተር ወይም በስልክ ፎርም ስንሞላ ከሳጥኑ ጎን ስለምትቀመጠው ቀይ ኮከብ። ኮከቧ «ይህን ሳትሞላ አታልፍም» ትላለች። ሰውም ያልፋል። አንዱ asdf ብሎ ያልፋል፣ ሌላው «ሀሀሀሀ» ብሎ፣ ሌላው አንዲት ነጥብ አስቀምጦ፣ ሌላው በስልክ ቁጥሩ ቦታ ዘጠኝና ዜሮ ደርድሮ። በኋላ መዝገቡን የሚከፍተው ሰው እነዚህን ሲያይ ጸሐፊውን ሰነፍ ይለዋል።

እኔ የምከራከረው ጸሐፊው ሰነፍ ነው ከሚለው ፍርድ ጋር ነው። አብዛኛውን ጊዜ እነዚያ ፊደላት መልስ ናቸው። ሰውየው «የለኝም» ወይም «አላውቅም» ማለት ፈልጎ፣ ፎርሙ ይህን የሚቀበልበት ቦታ ስላልሰጠው፣ እጁ ባገኘው ቁልፍ የመለሰው መልስ ነው። ስለዚህ የፎርም ሠሪ ሥራ ፊደላቱን ማሳደድ አይደለም፤ «የለኝም» የሚለው ቃል በግልጽ የሚነገርበትን ቦታ ማበጀት ነው።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1979 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሰው በራሱ ምርጫ ቃል የተጻፈበት የመኪና ሰሌዳ ለማውጣት አመለከተ። የካሊፎርኒያ ማመልከቻ ሦስት ምርጫ በቅደም ተከተል ይጠይቅ ነበር፤ የመጀመሪያው በሌላ ሰው ከተያዘ ሁለተኛው፣ እሱም ከተያዘ ሦስተኛው እንዲሰጥ። ሰውየው የጀልባ ወዳጅ ስለነበር በመጀመሪያው ቦታ «ሴይሊንግ»፣ በሁለተኛው «ቦቲንግ» ብሎ ጻፈ። ሦስተኛ ምርጫ አልነበረውም። ሁለቱ ካልተገኙ ልዩ ሰሌዳ ይቅርብኝ ለማለት በሦስተኛው ቦታ «ኖ ፕሌት» ብሎ ሞላ፤ «ሰሌዳ አልፈልግም» ማለቱ ነበር። ሁለቱ ምርጫዎቹ ተይዘው ተገኙና መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛውን ፈጸመለት። «ኖ ፕሌት» የሚል ሰሌዳ ተመትቶ መጣለት።

ነገሩ በሳቅ ባለፈ ነበር። ነገር ግን የትራፊክ ፖሊሶችም የሚሞሉት ቅጽ አላቸው፤ በቅጹም ላይ የሰሌዳ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሰሌዳ የሌለው፣ ባለቤቱ የጣለው መኪና ሲያገኙ በዚያ ቦታ «ኖ ፕሌት» ብለው ይጽፉ ነበር። ኮምፒውተሩ ቃሉን ከመዝገብ ጋር ሲያመሳክር አንድ ባለቤት አገኘ። ከዚያ በኋላ ከግዛቱ ከየአቅጣጫው የቅጣት ማስታወቂያ ወደዚህ ሰው ቤት ይጎርፍ ጀመር፤ ወደ 2,500 እንደደረሰ ተዘግቧል።

እስቲ ጥፋተኛውን ፈልጉ። አመልካቹ አልዋሸም። ፖሊሱም አልዋሸም። ሁለቱም «የለም» ነው ያሉት። ጥፋቱ «የለም» የሚለው መልስ ከእውነተኛ ሰሌዳዎች ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል መቀመጡ ነው። ሳጥኑ ስለ አለመኖር የተነገረን ነገር እንደ መኖር ቆጠረው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ነጥብ የሚመነጭ ነው።

አሁን ኮከቧ ራሷ ምን እንደምታውቅ እንይ። አንድ ፕሮግራመር በድረ ገጽ ላይ የግድ የሚሞላ ሳጥን ሲሠራ የሚጽፈው ይህን ያህል ነው፦

```html
<input name="house_no" required>
```

required የምትለዋ ቃል ለአሳሹ የምትሰጠው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ጨርሶ ባዶ ከሆነ አታሳልፍ። የቦታ ቁልፉን አንዴ ብትነኩና አንድ ክፍት ቦታ ብታስገቡ ሳጥኑ ባዶ አይባልም፤ ያልፋል። ይህን ለማገድ ጽሑፉን የሚቀበለው ፕሮግራም ከፊትና ከኋላ ያለውን ክፍት ቦታ ቆርጦ እንደገና ማየት አለበት። ይህ ከተደረገም በኋላ ግን ኮከቧ የምታውቀው ፊደል መኖሩን እንጂ ፊደሉ መልስ መሆኑን አይደለም። መልሱ ካንጀት ይሁን ካንገት አትለይም። እኛ ግን ሪፖርት ስናወጣ ይህንኑ «መቶ በመቶ የተሟላ መረጃ» ብለን ለአለቃ እናቀርባለን።

ይህ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል በአንድ ምሳሌ ልሂድበት። ምሳሌውን እኔ ነኝ የገነባሁት፤ የሚያነሳቸው ነገሮች ግን የምታውቋቸው ናቸው። በአንድ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ካርድ ክፍል እንበል። ሰልፉ ከበሩ ውጭ ወጥቷል። አንዲት ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ አዲስ ታካሚ ትመዘግባለች። ከፊቷ ያለው ፎርም ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የቅርብ ተጠሪ ስም፣ የተጠሪ ስልክ፣ ሥራ ይላል። ሁሉም ላይ ኮከብ አለ። አንድ የሚያስሉ አዛውንት ተራ ይደርሳቸዋል።

«አባባ፣ የቤት ቁጥርዎ ስንት ነው?»

«አዲስ ነው የኔ ልጅ፤ ገና ቁጥር አልተሰጠንም።»

«ስልክስ?»

«እኔ ስልክ አልያዝኩም። የልጄ አለ፤ ቁጥሩን ግን በቃሌ አላውቀውም።»

ሠራተኛዋ በቤት ቁጥር ቦታ «አዲስ» ብላ ትጽፋለች። በከተሞቻችን በየመታወቂያውና በየንግድ ፈቃዱ ላይ ቁጥር ላልወጣለት ቤት ስንጽፈው የኖርነው ቃል ነው። ፎርሙ ግን «ቁጥር ብቻ ያስገቡ» ብሎ በቀይ ይመልስባታል። ዜሮ ትጽፋለች፤ ያልፋል። በስልክ ቦታ አሥር አኃዝ ይፈልጋል፤ 0900000000 ትጽፋለች፤ ያልፋል። የተጠሪውንም እንዲሁ። ሥራ የሚለው ሳጥን ላይ ደርሳ ሰልፉን ቀና ብላ ታይና «ሀሀ» ብላ «መዝግብ» የሚለውን ትጫናለች። አዛውንቱ ካርዳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሠራተኛዋ ምን ማድረግ ነበረባት? ሰውየውን ቤት ቁጥር አምጡ ብላ መመለስ? ያለችው ምርጫ ታካሚ መመለስ ወይም ፎርሙን ማታለል ነበር፤ የሚበጀውን መረጠች።

አዛውንቱ ተመርምረው የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባቸው እንበል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ የቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት። ሕክምናውን መሃል ላይ ማቋረጥ በሽታውን መልሶ ያመጣል፣ መድኃኒት የተላመደ ተህዋስ እንዲፈጠር በር ይከፍታል፣ ቤተሰብንም ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ አንድ ታካሚ በቀጠሮው ሲቀር ጤና ጣቢያው ሊፈልገው ይገባል። በሦስተኛው ወር አዛውንቱ ቀሩ። ነርሷ መዝገቡን ከፈተች። ስልክ አለ። ደወለች፤ አይሠራም። የተጠሪ ስልክ አለ። ያው ቁጥር ነው። የቤት ቁጥር አለ። ዜሮ።

ይህ ሁሉ ሳጥን በመጀመሪያው ቀን ባዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በዚያው ሳምንት «ስልክም የቤት ቁጥርም የሌላቸው የነቀርሳ ታካሚዎች» የሚል ዝርዝር ማውጣት ይቻል ነበር። አዛውንቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመድኃኒት ሲመላለሱ «ልጅዎን ይዘው ይምጡ» ወይም «ስልኩን በወረቀት አስጽፈው ያምጡ» ማለት ይቻል ነበር። ባዶ ሳጥን ችግሩን ገና ሊፈታ በሚችልበት ጊዜ ይናገራል። የሞላ የሚመስለው ሳጥን ግን ቁጥሩ እስከሚያስፈልግበት ቀን ድረስ ዝም ይላል። ባዶ ይቆጠራል፣ ይደመራል፣ ይታወቃል፤ 0900000000 ግን እንደ ስልክ ይቆጠራል። ባዶውን ሳጥን አትፍሩት የምለው ለዚህ ነው።

ይህን ችግር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መፍትሔ ማጥበቅ ነው። ቢያንስ አሥር ፊደል ይሁን ይላል። asdf የነበረው asdfasdfasdf ይሆናል። ተደጋጋሚ ፊደል እንከልክል ይላል። «መረጃ አልተገኘም» የሚል ይመጣል። ይህንንም ሐረግ እንከልክል ይላል። ያን ጊዜ ሠራተኛው በስም ቦታ «አበበ ከበደ»፣ በሥራ ቦታ «ነጋዴ»፣ በስልክ ቦታ የዘፈቀደ አሥር አኃዝ መጻፍ ይጀምራል። የመጨረሻው ደረጃ ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ መሆኑን አስተውሉ። asdf ያየ ሁሉ ያውቀዋል። «ነጋዴ» የሚለውን ግን ከእውነተኛ ነጋዴ ማንም አይለየውም። በዘፈቀደ የተጻፈውም አሥር አኃዝ የአንድ የማይመለከተው ሰው ስልክ ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ሰው የምርመራ ውጤት ወይም የቀጠሮ መልእክት በእሱ ስልክ ይገባል። መውጫ ሳይሰጡ ማጥበቅ ውሸትን አይቀንስም፤ ጥሩ ውሸት ያስተምራል።

ማጥበቅ እውነተኛውንም ሰው ይመታል። በላቲን ፊደል ለሚጻፍ ስም የወጣ ደንብ «ከሦስት ፊደል ያነሰ ስም የለም» ብሎ ቢነሳ ለጊዜው ያስኬድ ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ ነው የሚጻፈው። ሩት ሁለት ፊደል ናት፣ ሳባ ሁለት፣ ሊያ ሁለት፣ ቤዛ ሁለት። minlength የሚለውን ገደብ ሦስት ላይ ያስቀመጠ ፎርም እነዚህን እህቶቻችንን በሙሉ ይመልሳል። ሩትም «ሩትት» ብላ ታልፋለች። ፊደል ብቻ ይቀበል የተባለው ፎርም ደግሞ «ገ/ማርያም» እና «ኃ/ሥላሴ» ላይ ያለውን እዝባር አይቶ ይከለክላል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ሌላ ዓይነቱን ያውቁታል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለ፤ ኮከብ አለበት፤ እኛ ግን የአባታችንን ስም ከስማችን ቀጥለን እንጽፋለን እንጂ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠራበት አንድ ስም የለንም። አባት በአባቱ ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም ይመዘገብና አንድ ቤት ውስጥ ያሉ አባትና ልጅ በመዝገብ ላይ የማይዛመዱ ሰዎች ይሆናሉ። አንድ ስም ብቻ ላላቸው ሰዎች የአሜሪካ ቪዛ በስም ቦታ FNU ብሎ ይጽፋል፤ የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ማለት ነው። ይህ ሦስት ፊደል ከዚያ በኋላ በሌሎች መዝገቦች ላይ እንደ እውነተኛ ስም ተቆጥሮ ሰውየውን ይከተለዋል። የሎስ አንጀለሱ ሰሌዳ በሌላ መልክ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ዝምታውን ዓይነት በዓይነት እንለይ። አንድ ሰው አንድን ሳጥን በእውነት መሙላት የማይችልበት ምክንያት፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ ከአራት አይዘልም። አንደኛ፣ ነገሩ የለም፤ ቤቱ ቁጥር አልወጣለትም። ሁለተኛ፣ ነገሩ አለ ግን አሁን አይታወቅም፤ ልጁ ስልክ አለው፣ ቁጥሩ ግን እዚህ የለም። ሦስተኛ፣ ይታወቃል ግን ባለቤቱ መናገር አይፈልግም። አራተኛ፣ ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ ለሚሞላው ሰው ግልጽ አይደለም፣ ወይም ሰልፍ አለ፣ ጊዜ የለም። እነዚህ አራቱ የተለያየ ሥራ ይጠይቃሉ። ነገሩ ለሌለው ሰው ደግመህ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ግን ነገ ደግመህ መጠየቅ ይገባሃል። asdf አራቱንም ወደ አንድ ያጨማልቃቸዋል።

ይህ ልዩነት የእኔ ፈጠራ አይደለም። ፆታን በኮድ ለመመዝገብ የወጣው ኢሶ 5218 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ አራት ቁጥር አለው። 1 ወንድ፣ 2 ሴት ነው። ከሁለቱ ሌላ ግን 0 «አይታወቅም»፣ 9 ደግሞ «አይመለከትም» ተብለው ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ደረጃውን ያወጡት ሰዎች ባለማወቅና ባለመመልከት መካከል ያለውን ልዩነት ለአንድ አኃዝ እንኳ ሳይሰስቱ ጠብቀውታል።

አሁን የጤና ጣቢያውን ፎርም አብረን እንደገና እንሥራው።

የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ኮድ አይጠይቅም። እያንዳንዱን ሳጥን ይዘን፣ መልሱን ማን ያነበዋል፣ አንብቦስ ምን ይወስንበታል ብለን እንጠይቃለን። በፎርም ጥናት የታወቀችው እንግሊዛዊት ካሮላይን ጃሬት ይህን ለጥያቄዎች የሚቀርብ ጥያቄ አድርጋ ታስተምረዋለች። «ሥራ» የሚለውን ሳጥን ይዘን ክሊኒኩን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ ሪፖርት ክፍሉን እንዞራለን። ማንም የማይጠቀምበት ከሆነ ሳጥኑ ይውጣ። በተጠየቀ ሳጥን ላይ የሚጠፋው ጊዜ ባልተጠየቀው ላይ አይጠፋም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ የውሸት መልስ የለውም። ከልምድ ስናገር፣ ከፎርም ላይ ለመነሣት የሚቸገረው ሳጥን «ድንገት ቢያስፈልግ» ተብሎ የገባው ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ለቀሩት ሳጥኖች እውነተኛ መውጫ መስጠት ነው። ከስልክ ሳጥኑ በታች ሁለት ምልክት የሚደረግባቸው መስመሮች እናስቀምጣለን፤ «ስልክ የለውም» እና «አሁን አይታወቅም፣ በኋላ ይሞላ»። አንዱ ሲመረጥ የስልኩ ሳጥን ይዘጋል፣ ፎርሙም ያልፋል። ሦስተኛው መውጫ፣ «መናገር አልፈልግም»፣ እንደ ሃይማኖትና ገቢ ላሉ ጥያቄዎች ይበጃል። እዚህ ላይ ፕሮግራመሮች የምትስቷት አንዲት ነገር አለች። ይህ ምልክት በመረጃ ቋቱ ውስጥ የራሱ ዓምድ ይኑረው። በስልኩ ዓምድ ውስጥ «የለም» የሚል ጽሑፍ እንዲገባ ከፈቀዳችሁ የካሊፎርኒያን ሰሌዳ እንደገና ሠራችሁት። ስልኩ ባዶ ይሁን፤ ባዶ የሆነበት ምክንያት ከጎኑ ይጻፍ።

ሦስተኛው እርምጃ ጥያቄውን ሰው በሚያውቀው መልክ መጠየቅ ነው። ከቤት ቁጥር የምንፈልገው ነገር ሰውየውን ማግኘት ነው። እኛ አገር ቤት የሚገኘው በምልክት ነው። ስለዚህ የቤት ቁጥሩን ኮከብ አንሥተን፣ ከሥሩ «ቤቱን ለማያውቅ ሰው እንዴት ያመለክቱታል?» የሚል ሰፋ ያለ ሳጥን እንከፍታለን። አዛውንቱ «ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ሰማያዊ በር» ይላሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን ይዛ ታገኛቸዋለች፤ ዜሮ ይዛ አታገኛቸውም። ሰው መልሱን ሲያውቀው ደስ ብሎት ይሞላል፤ በዚህ ሳጥን ውስጥ asdf የሚጻፍበት ምክንያት ይቀንሳል።

አራተኛው እርምጃ ጊዜ ነው። የተጠሪ ስም ለሁሉም ታካሚ በካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ መጠየቅ አያስፈልግም። ረጅም ሕክምና ለሚጀምር ታካሚ፣ ነርሷ ቁጭ ብላ ስለ መድኃኒቱ በምታስረዳበት ሰዓት መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ያን ጊዜ ትርጉም አለው፤ «ቢቀሩብን የምንደውልለት ሰው ማን ነው?» ሲባል አዛውንቱ ለምን እንደተጠየቁ ያውቃሉ። ራሱን ስቶ ለመጣ ታካሚ ደግሞ ፎርሙ ባዶውን ተቀምጦ ታካሚው ሲነቃ እንዲሞላ መፍቀድ ያስፈልጋል። ሳይጨርሱ ማስቀመጥ የማይቻልበት ፎርም የውሸት መልስ ፋብሪካ ነው።

ስለ ምክንያት ሳጥኖች ለብቻው አንድ ቃል ልበል፤ ብዙው የዘፈቀደ ፊደል የሚኖረው እዚያ ስለሆነ ነው። «ቀጠሮው የተሰረዘበት ምክንያት»፣ «የመድኃኒት ቆጠራው የተስተካከለበት ምክንያት» ይላል፤ ሠራተኛው በቀን ብዙ ጊዜ ያገኘዋል፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ነጥብ ብቻ ይጻፍበታል። እዚህ መፍትሔው ከዚህ በፊት በእውነት የተጻፉትን ምክንያቶች ሰብስቦ ማንበብና የተደጋገሙትን አምስት ወይም ስድስት ምርጫ ማድረግ ነው። ለቆጠራው «ጊዜው ያለፈበት»፣ «የተሰበረ»፣ «ሲመዘገብ የተሳሳተ»፣ «ወደ ሌላ ክፍል የሄደ»። መጨረሻ ላይ «ሌላ» ይኖራል፤ የጽሑፍ ሳጥኑ የሚከፈተው «ሌላ» ለመረጠ ብቻ ነው። ምርጫዎቹን ግን ቢሮ ውስጥ ተቀምጣችሁ አትፍጠሯቸው። ሠራተኛው የሚያውቀው ምክንያት ከዝርዝሩ ከሌለ የመጀመሪያውን ምርጫ ተጭኖ ያልፋል፤ እሱም ንጹሕ የለበሰ asdf ነው።

ይህ ከዚህ መፍትሔ ገደቦች ወደ አንዱ ያመጣኛል። መውጫ ሲበዛ ሁሉም በመውጫው ይሄዳል። «አይታወቅም» የሚለው ከመጀመሪያውኑ ተመርጦ ከቀረበ፣ ወይም አንድ ጠቅታ ሆኖ እውነተኛው መልስ አሥር ጠቅታ ከሆነ፣ ሰልፍ ያለበት ሰው የሚመርጠውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ምንም ነገር አስቀድሞ አይመረጥ። «አይታወቅም» ያለ ሰው ፋይል በሚቀጥለው ጉብኝት ሲከፈት ጥያቄው ከላይ ይውጣ። መውጫዎቹንም በየወሩ ቁጠሯቸው። ከታካሚዎች ግማሹ «አይታወቅም» ከሆነ ፎርሙ ጥያቄውን በተሳሳተ ቦታ ወይም በተሳሳተ ሰዓት እየጠየቀ ነው ማለት ነው። ይህ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፤ ኮከቧ ባለችበት ዘመን ግን ተደብቆባችሁ ነበር።

ኮከብ የሚገባቸው ሳጥኖች የሉም አላልኩም። የመድኃኒት መጠን ሳይጻፍ መድኃኒት ሊታዘዝ አይገባም። የሂሳብ ቁጥር ሳይጻፍ ወደ ባንክ ሂሳብ ገንዘብ መላክ አይቻልም። መለያው ቀላል ነው፤ መልሱ ከሌለ ሥራው ራሱ መሠራት የማይችል ከሆነ ኮከብ ይኑር። እንዲህ ያለው ሳጥን ከኮከቧ በላይ ማረጋገጫ አለው። ስልኩ በእርግጥ ለሥራው የግድ ከሆነ የማረጋገጫ ቁጥር በመልእክት ይላክና ሰውየው ያንን ያስገባ፤ 0900000000 ያን ጊዜ አያልፍም። መልሱ ባይኖርም ሥራው የሚቀጥል ከሆነ ግን ኮከቧ ትነሣ። የእንግሊዝ መንግሥት የድረ ገጽ ንድፍ መመሪያ በዚህ ላይ ጥሩ ልማድ አለው፤ የግድ የሆኑትን በኮከብ ከማስጌጥ ይልቅ «ግዴታ ያልሆነ» የሚለውን ቃል ግዴታ ባልሆኑት ላይ ይጽፋል። ይህን ሲያደርጉ ፎርም ሠሪዎቹ አንድ ነገር ያያሉ፤ ግዴታ ያልሆኑት ከበዙ መጀመሪያውኑ ለምን ጠየቅናቸው የሚል ጥያቄ ይነሣል።

ሁለተኛው ገደብ ከፎርሙ ውጭ ያለ ነው። አለቃው በየወሩ የሚለካው የመሙላት መቶኛ ከሆነ የትኛውም ንድፍ አያድንም። ሠራተኛው የሚለካበትን ያመርታል። ሪፖርቱ «ምን ያህሉ ተሞላ» ከሚል «ምን ያህሉ ስልክ ሲደወልበት ሠራ» ወደሚል ይቀየር። በዘፈቀደ የተመረጡ ጥቂት መዝገቦች ላይ መደወል ለአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከማንኛውም ሰንጠረዥ የበለጠ እውነት ይነግራል።

የእናንተ መዝገብ ምን ያህል እንደተበከለ ለማወቅ ብዙ ድካም አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ዓምድ በብዛት የተደጋገሙትን ሠላሳ መልሶች አውጡ፦

```sql
SELECT house_no, COUNT(*) AS n
FROM patients
GROUP BY house_no
ORDER BY n DESC
LIMIT 30;
```

በእውነተኛ ሕይወት አንድ የቤት ቁጥር መቶ ጊዜ መደጋገሙ ብርቅ ነው፤ ዜሮ፣ ነጥብ፣ «አዲስ» እና asdf ከላይ ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ። asdf የሚበዛው ፊደሎቹ በግራ እጅ ጣቶች ሥር ተከታትለው ስለሚገኙ ነው፤ ያው እጅ በአማርኛ የድምፅ ገበታ ሲጽፍ «አስድፍ» ይሆናል፤ ሁለቱንም ፈልጉ። ቀጥሎ ከሦስት ፊደል ያነሱትን እዩ፤ ሩትንና ሳባን ግን ከቆሻሻው ጋር አትጥረጓቸው። ከዚያ ዝርዝሩን በሰዓት ክፈሉት። የዘፈቀደው ፊደል ቀኑን ሙሉ እኩል ከተበተነ ጥያቄው ራሱ አይገባም ማለት ነው። ጠዋት ሰልፍ ባለበት ሰዓት ብቻ ከበዛ ጥያቄው ደህና ነው፤ ሰዓቱ ነው የተሳሳተው። በአንድ ሠራተኛ ስም ብቻ ከተከማቸ ከመቆጣታችሁ በፊት አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ አንድ ጠዋት ስትመዘግብ እዩ።

የድሮውን መዝገብ ስታጸዱም አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ቆሻሻውን አጥፍታችሁ በግምት አትተኩት። ባዶ አድርጉትና ምክንያቱን «ቀድሞ በተሳሳተ መልክ የተሞላ» ብላችሁ በተለየ ዓምድ ጻፉ። የተሟላነት መቶኛችሁ በአንድ ቀን ሊወርድ ነው፤ አለቃችሁን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። የወረደው ቁጥር መረጃ ስለጠፋ አይደለም፤ ከመጀመሪያውኑ ያልነበረው ስለታወቀ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ስትወጡ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የምትመሩትን ወይም የሠራችሁትን አንድ ፎርም አንሡ። በእያንዳንዱ ኮከብ ጎን፣ ይህ ሳጥን ባዶ ቢቀር ሥራው የሚቆምበትን ሰው ማንነት ጻፉ፤ መድኃኒት አዳዩ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ ቤት ለቤት የምትዞረው የኤክስቴንሽን ሠራተኛ። የሚጻፍ ሰው ካጣችሁ ኮከቧን አንሡ። የሚጻፍ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ሂዱና ያንን ሰው ጠይቁት፤ «መልሱ ከሌለ ባዶ ቢመጣልህ ይሻልሃል ወይስ የሆነ ነገር ተጽፎ?» በሉት። የሚመልስላችሁን አሁኑኑ ልነግራችሁ እችል ነበር፤ ከእሱ አፍ ስትሰሙት ግን ፎርሙን ለማስተካከል የሚያስፈልጋችሁን ፈቃድ ከአለቃችሁ በቀላሉ ታገኛላችሁ።

ጥያቄ ካለ መድረኩ የእናንተ ነው፤ መጠየቅም ግዴታ አይደለም።